ውዝፍ ኪራይን ከፋፍሎ ለመክፈል የሚጻፍ ደብዳቤ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከሐሙሲት ተነስቶ የጉማራን ድልድይ ተሻግሮ ወረታ እስኪደርስ ድረስ የሰው ኪስ የሚከተለው ሩዝን ነው። ሩዝ ሰኔ ላይ ይዘራል፣ ክረምቱን ውሃ ላይ ቆሞ ይከርማል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ገንዘቡ ታዲያ ለገበሬው ብቻ አይደለም። ሐሙስ ገበያ ላይ ልብስ የሚሰፋው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ ጫማ የሚጠግነው፣ በሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ የሚሸከመው ሁሉ የሚያገኘው ገበሬው ሲሸጥ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገበሬው ያለውን ለማዳበሪያና ለቀለብ ያወጣል፤ ከከተማው ሰው የሚገዛው ነገር ይቀንሳል። ኪራይ ግን በየወሩ ይቆጠራል። መስከረም ሲጠባ የብዙ ተከራይ ውዝፍ ሁለት ወይም ሦስት ወር የሚሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ለአከራይ ደብዳቤ ስለመጻፍ የሚነገሩ ጥቂት አባባሎች አሉ። አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ቤት የሚያሳጣ ስህተት ነው። ነገሩ በጨረፍታ እንዳያልፍ አንዲት ልብስ ሰፊ በምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ልጇ ጋር ሐሙሲት ውስጥ አንድ ክፍል ቤት በወር 1,500 ብር ተከራይታለች። የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን አልከፈለችም፤ ሐምሌ ላይ ብቻ 300 ብር ሰጥታለች። ውዝፏ 4,200 ብር ነው። አከራይዋ እዚያው ግቢ የሚኖሩ፣ ከኪራዩ ቀለባቸውን የሚሸፍኑ እናት ናቸው። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ስሌቱን ለማሳየት ነው፤ አንባቢው የራሱን ይተካባቸው።

«ደብዳቤ መጻፍ በራስ ላይ ማስረጃ መስጠት ነው፤ በአፍ ይሻላል»

ግማሹ እውነት ነው። «4,200 ብር አለብኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ዕዳውን አምኗል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ወይም ከዕዳው ላይ ሲከፍል የይርጋው ጊዜ ይቋረጣል ይላል፤ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ ያልተማመኑበትን ቁጥር በደብዳቤ ላይ ማስፈር አይገባም።

ሌላው ግማሽ ግን ተረት ነው። ግቢ ውስጥ የሚኖር ተከራይ ዕዳው ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ ሽማግሌም የሚያውቀው ነው፤ ባለመጻፉ አይደበቅም። የሚደበቀው ተከራዩ የከፈለው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሐምሌ ላይ የሰጠችው 300 ብር ደረሰኝ የለውም። በአፍ ብቻ ከተነጋገሩ ከሦስት ወር በኋላ አከራይዋ «እሱ ለመብራት የሰጠሽኝ ነበር» ቢሉ መልስ የላትም፤ እናትየዋም ሳይዋሹ በእውነት ረስተውት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው የዕዳውን መጠን ሲያስቀምጥ እንዴት እንደተደረሰበትም ያስቀምጣል፦ ሦስት ወር፣ በ1,500፣ ሲቀነስ 300። አከራይዋ ያንን ስሌት አይተው ከፈረሙ ዕዳው ከዚያ ወዲያ በአፍ ሊያድግ አይችልም። ደብዳቤው አከራይዋን የሚጠብቀውን ያህል ተከራይዋንም ይጠብቃል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ደብዳቤውን ከሰጠሁ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ግማሽም ከተቀበሉኝ አያስወጡኝም»

ይህ ከሁሉም የከፋው ተረት ነው። ሕጉ መጠኑ የታወቀና የመክፈያ ጊዜው የደረሰ ዕዳን ከፋፍሎ ልክፈል ለሚል ባለዕዳ ባለገንዘቡ እምቢ ማለት ይችላል ይላል። ዝምታም እሺታ አይደለም። ደብዳቤውን ተቀብለው ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጡ አከራይ ጥያቄ ደረሳቸው እንጂ ውል አልተዋዋሉም። ጥያቄው ስምምነት የሚሆነው «ተስማምቻለሁ» ብለው ሲፈርሙ፣ ወይም ቢያንስ በምስክር ፊት ሲናገሩ ነው።

የማስጠንቀቂያው ጊዜም በደብዳቤ አይቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2952 መሠረት ኪራይ ሲዘገይ አከራዩ «በዚህ ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ውሉ ይፈርሳል» ብሎ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላል። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሚሰጠው ጊዜ ከአንድ ወር ማነስ የለበትም፤ ውሉ ከዓመት በታች ከሆነ 15 ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አንድ ቀን ያሳለፈ ተከራይ በዚያው ቀን ይወጣል» የሚለው ተረት ነው፤ በር ላይ ቁልፍ መቀየርና ዕቃ ወደ ውጭ ማውጣትም የሕግ መንገድ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ ግን ቀኑ ይቆጠራል፤ ያልተፈረመ ደብዳቤ አያስቆመውም። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ተከራይ ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ወስዶ መልስ መጠየቅ አለበት።

ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ «አዲሱ አዋጅ ስላለ ማንም አያስወጣኝም» የሚልም አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ የእናንተ ከተማ ውስጡ መሆኑን ከተማ አስተዳደሩ ይነግራችኋል። ቢሆንም እንኳ ኪራይ ያለመክፈል መብት አልሰጠም።

«ሩዙ ሲሸጥ በአንድ ጊዜ እዘጋዋለሁ ማለት ይበቃል»

ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሩዝ ሲሸጥ ገንዘብ ይገባል፣ እውነት ነው። ግን አጨዳው እንዳለቀ ሁሉም ሻጭ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ዋጋው በዓመቱ ዝቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ዕዳ ያለበት በርካሽ ይሸጣል፣ ዕዳ የሌለበት ደግሞ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ ውስጥ ያቆያል። ልብስ ሰፊዋ ጋ የሚደርሰው ገንዘብ እንግዲህ በአንድ ሐሙስ የሚፈስ አይደለም፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር እየተንጠባጠበ ይመጣል። «ታኅሣሥ ላይ 4,200 ብር በአንዴ» ብላ ብትጽፍ እስከዚያ ድረስ አከራይዋ አንድ ብር አያዩም፣ ታኅሣሥ ሲደርስ ደግሞ እሷ አይኖራትም።

የሚከፈል ሰሌዳ የሚወጣው ከዕዳው ተነስቶ ሳይሆን በወሩ መጨረሻ ከሚተርፈው ተነስቶ ነው። ብዙ ሰው 4,200ን ለሦስት አካፍሎ 1,400 ይጽፋል። ልብስ ሰፊዋ ግን በሌላው በኩል ጀመረች። በመደበኛ ወር የክር፣ የአዝራርና የመኪና ጥገናውን ከቀነሰች በኋላ 6,400 ብር ይቀራታል። ለቀለብ፣ ለከሰል፣ ለውሃና ለመብራት፣ ለልጇ ትምህርት 4,300 ብር ታወጣለች። ቀሪው 2,100 ነው። ከዚያ ላይ የያዘችው ወር ኪራይ 1,500 መከፈል አለበት፤ ይህ ካልተከፈለ ውዝፉ በአንድ በኩል እየቀነሰ በሌላ በኩል ያድጋል። የቀረው 600 ብር ነው። ልጅ ሊታመም፣ መርፌ ሊሰበር ይችላልና 100 ብር ታስቀምጣለች። በመደበኛ ወር ከውዝፉ ላይ መክፈል የምትችለው 500 ብር ብቻ ነው፤ 1,400 ብትጽፍ በመጀመሪያው ወር ውሸታም ትሆናለች።

ሁሉም ወር ግን እኩል አይደለም። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርምና የመስቀል ልብስ አለ። ጥቅምት ላይ ሩዙ ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ገበያው ይጠፋል። ታኅሣሥ ላይ ሩዝ የሸጠ ሰው ለገና ለልጆቹ ልብስ ያሰፋል። ጥር ላይ ጥምቀትና ሠርግ ይመጣሉ፤ ከዓመቱ ሁሉ ለስፌት የተሻለው ወር ይህ ነው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለሚገባ ሠርጉ ከዚያ በፊት ያልቃል፣ መጋቢትም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ እኩል እኩል የተቆረጠ ክፍያ ለእሷ አይሆንም። በደህናው ወር ከፍ፣ በቀዝቃዛው ዝቅ ማለት አለበት።

የመክፈያ ቀኑም ከገቢ ቀኑ ጋር መግጠም አለበት። «ወር በገባ በአንድ» ተብሎ ከተጻፈ ገንዘቡ እጇ ላይ ከገባበት ቀን እስከ መክፈያው ድረስ በቤት ወጪ ይበተናል። የእሷ ገቢ የሚሰበሰበው ሐሙስ ማታ ነውና መክፈያውን የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ አድርጋዋለች። ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ ደመወዙ በገባ ማግሥት ይሆን ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ወጣ፦

መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለወ/ሮ ………………
ሐሙሲት

ጉዳዩ፦ ውዝፍ የቤት ኪራይ ከፋፍዬ ለመክፈል ፈቃድዎን ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበቱ? በግቢዎ ውስጥ የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ኪራይ በወር 1,500 ብር ነው። የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ 2017 ዓ.ም. ኪራይ በድምሩ 4,500 ብር ሲሆን በሐምሌ ወር 300 ብር ስለሰጠሁዎት ዛሬ ያለብኝ ውዝፍ 4,200 ብር ነው። የዘገየሁት በክረምቱ የስፌት ሥራ ስለቀነሰብኝ ነው፤ እርስዎም በዚህ ምክንያት እንደተቸገሩ አውቃለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከመስከረም ወር ጀምሮ የየወሩን ኪራይ 1,500 ብር በሙሉ እከፍላለሁ። ከዚያ በተጨማሪ ውዝፉን በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ማታ እንደሚከተለው እንድከፍል እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦

መስከረም 29 — 800 ብር (ቀሪ 3,400)
ጥቅምት 27 — 300 ብር (ቀሪ 3,100)
ኅዳር 25 — 500 ብር (ቀሪ 2,600)
ታኅሣሥ 30 — 800 ብር (ቀሪ 1,800)
ጥር 28 — 1,000 ብር (ቀሪ 800)
የካቲት 26 — 500 ብር (ቀሪ 300)
መጋቢት 24 — 300 ብር (ቀሪ የለም)

በአንዱ ቀን ሙሉውን መክፈል እንደማልችል ካወቅሁ ከዚያ በፊት ባለው ሰኞ ነግሬዎት ጉድለቱን በሚቀጥለው ሐሙስ እሞላለሁ። ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካቋረጥሁ ቀሪውን በሙሉ በአንድ ጊዜ የመጠየቅ መብትዎ የተጠበቀ ነው። ሰሌዳውን ጠብቄ እስከከፈልሁ ድረስ ግን በዚህ ውዝፍ ምክንያት ቤቱን እንድለቅ እንዳይጠይቁኝ እለምናለሁ።

ከተስማሙ ከታች ባለው ቦታ እንዲፈርሙልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የተከራይ ስምና ፊርማ ………………
ተስማምቻለሁ፦ የአከራይ ስምና ፊርማ ……………… ቀን ………
ምስክሮች፦ 1. ……………… 2. ………………

ሰሌዳውን በገቢዋ እንፈትነው። ጥቅምት ላይ ገቢዋ ቀንሶ የሚተርፋት 1,900 ብር ቢሆን ኪራዩና ክፍያው 1,800 ነው። ጥር ላይ 2,600 ቢተርፋት የምታወጣው 2,500 ነው። በየትኛውም ወር ቢያንስ 100 ብር ካልተረፈ ሰሌዳው ጠባብ ነውና ሳይፈረም አንድ ወር ይጨመርበት። ሰሌዳ መበላሸቱ የሚታወቀው ክፍያ ሲቀር አይደለም፤ ቀደም ብሎ፣ ተከራዩ ለአከራይ ለመክፈል ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ዕዳው አልቀነሰም፣ ባለቤቱን ቀየረ እንጂ። ያኔ ዝም ብሎ መግፋት ሳይሆን ተመልሶ ሰሌዳውን ማስተካከል ይሻላል።

«የመጀመሪያው ክፍያ ትልቅ ከሆነ ልባቸው ይራራል»

የመጀመሪያው ክፍያ ቶሎ መምጣቱ ነው የሚያሳምነው፤ ትልቅነቱ ሁለተኛ ነገር ነው። የስፌት መኪናዋን አስይዛ 2,000 ብር ብትሰጥ አከራይዋ መስከረምን ይደሰታሉ፣ ጥቅምት ላይ ግን መኪናውም ገቢውም የለም። ደብዳቤው ከተሰጠ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ በተባለው ሐሙስ፣ የተባለው 800 ብር ከነኪራዩ መድረሱ ይበልጣል።

አከራይዋም የራሳቸው ቀን አላቸው። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት «እትዬ፣ ለእርስዎ በጣም የሚያስፈልግዎት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይለውጣል። «ለገና በግ እገዛለሁ» ካሉ የታኅሣሡን ቀን ከ30 ወደ 23 ማምጣት ይቻላል፤ እሱም ሐሙስ ነው፣ ደግሞም የበዓል ልብስ ያሰፋ ሰው ሒሳቡን የሚከፍለው ከበዓሉ በፊት ነው። እምቢ ካሉም ምክንያታቸውን መስማት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚቃወሙት መከፋፈሉን ሳይሆን ርዝመቱን ነው። ሰባት ወር በዛ ካሉ የምታሳጥረው የጥርን ክፍያ በመጨመር ነው፣ የጥቅምትን በመጨመር አይደለም። ሽማግሌ መላክም ያግዛል፤ ግን ሽማግሌው ቁጥሩን ይዞ ይሂድ። «ታግሠው ይጠብቋት» ብቻ ብሎ የሚመለስ ሽማግሌ ቀን ሳያስቆርጥ መጣ ማለት ነው።

«አውራ ጣት ካሳረፉበት አለቀ»

አለማለቁን ብዙ ሰው አያውቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ሥውር በጣት አሻራ የሚያደርገው ፊርማ እንዲያስገድደው ውል አዋዋይ፣ የሬጅስትራር ሹም ወይም ዳኛ ሊያረጋግጠው ይገባል ይላል። ቤት ውስጥ የተደረገ አሻራ ብቻውን አከራይዋን አያስገድድም። ስለዚህ እናትየዋ ፊደል ካልቆጠሩ ደብዳቤው እሳቸው የሚያምኑት ሰው፣ ልጃቸው ወይም ጎረቤት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው ያንብብላቸው፤ ከነቁጥሩ፣ ከነቀኑ። አንባቢውም ምስክር ሆኖ ይፈርም። ለዚህ ዓይነት ስምምነት ሕጉ የጽሑፍ ግዴታ ስለማይጥል፣ በምስክሮች ፊት በቃል የሰጡት እሺታ በአሻራቸው ድክመት አይወድቅም። የሚቻል ከሆነ ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ የበለጠ ያስተማምናል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፣ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ። በየሐሙሱ የተከፈለው በሁለቱም ጀርባ ላይ ቀኑ፣ መጠኑና ለምን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። «2,300 ብር ተቀብያለሁ» የሚለው በቂ አይደለም፤ «የመስከረም ኪራይ 1,500፣ ከውዝፉ 800፣ ቀሪ ውዝፍ 3,400» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በባንክ ወይም በቴሌብር ከተላከ በምክንያት መጻፊያው ቦታ ላይ ያንኑ በአጭሩ ማስፈርና ማረጋገጫ መልእክቱን አለማጥፋት ነው። መጋቢት 24 የመጨረሻው 300 ብር ሲከፈል ደግሞ «የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ 2017 ዓ.ም. ውዝፍ ኪራይ ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአከራይዋ ፊርማ ጋር ይጨመር፤ ቅጂውም ቤቱን ከለቀቀች በኋላም ቢሆን አብሯት ይቆይ።